ከማኅበር ምዝገባ እስከ ሥራ ማቆም፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተቀመጡ የሕጋዊነት ቅድመ ሁኔታዎች

መግቢያ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደርና ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ በሥራ ላይ የሚውልበትን መንገድ የሚዘረዝረው ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። በሕገ መንግሥቱ በአንድ ሐረግ የተገለጸው ሥራ የማቆም መብት በአዋጁ ውስጥ የማስማማት ሂደት፣ የምልዓተ ጉባኤ ቁጥር፣ የድምፅ ብልጫ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የቀናት ገደብ ተቀምጦለታል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ዕርምጃው በሕግ ከተጠበቀ መብት ወደ ሕገ ወጥ ድርጊት ይለወጣል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ሂደቱን ከማኅበር ምሥረታ አንስቶ እስከ ሥራ ማቆም ዋዜማ ድረስ በአንድ የታሰበ ድርጅት ምሳሌነት ይከተላል። ድርጅቱ በሊቦ ከምከም ወረዳ በይፋግ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የሩዝ መፈልፈያ ነው እንበል። አካባቢው ከሩዝ አምራቹ የፎገራ ሜዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ምሳሌው ከቦታው የራቀ አይደለም፤ ቁጥሮቹና ቀኖቹ ግን ሕጉን ለማብራራት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ነጥብ፣ በአዋጁ ከተዘረጉት ደረጃዎች ሁሉ በተግባር ወሳኙ ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው የድምፅ አሰጣጥ ሳይሆን፣ ክርክሩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ የሚቀርብበት ጊዜ ነው የሚል ነው።

ማኅበሩ ዕውቅና የሚያገኝበት መንገድ

በአንዳንድ አገሮች ማኅበር መመሥረትና በአሠሪ ዘንድ ለድርድር ዕውቅና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በአሜሪካ ማኅበሩ ብዙውን ጊዜ በሠራተኞች የምስጢር ድምፅ አብላጫ ማግኘቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ በብሪታንያም አሠሪው በፈቃዱ ዕውቅና ካልሰጠ ጉዳዩ ለዚሁ ለተቋቋመ አካል ይቀርባል። በኢትዮጵያ ሕግ መነሻው ምዝገባ ነው። በሕግ መሠረት የተመዘገበ ማኅበር የሕግ ሰውነት ያገኛል፤ በስሙ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ አባላቱን ወክሎም ለድርድር ይቀርባል። አሠሪው «ይህን ማኅበር አላውቀውም» በማለት ብቻ ከድርድር ሊሸሽ አይችልም።

ማኅበር ለመመሥረት የሚያስፈልገው ቁጥር ባለፉት ሥርዓቶች እየቀነሰ መጥቷል። በ1985 የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 ሃያ ሠራተኞችን ሲጠይቅ፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ቁጥሩን ወደ አሥር አውርዶታል፤ ያሁኑ አዋጅም ይህንኑ ጠብቋል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ የአባላቱ ቁጥርም ከአሥር ማነስ የለበትም። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አምስት ወይም ስድስት ሰው ብቻ በሚቀጥሩ መፈልፈያዎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ለሚሠራ ሰው ይህ ሁለተኛው መንገድ ብቸኛው አማራጭ ነው። ችግሩ ድርድሩ ላይ ይመጣል፤ ጠቅላላ ማኅበሩ የሚደራደረው ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ትናንሽ አሠሪዎች ጋር ስለሆነ፣ አንዱ የፈረመው ስምምነት ሌላውን አያስገድድም።

ለምዝገባ የሚቀርቡት ሰነዶች ብዙ አይደሉም። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ፣ ጠቅላላ ማኅበር ከሆነም አባላቱ የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ዝርዝር ይቀርባሉ። መዝጋቢው አካል ማመልከቻው በደረሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት ወይም ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት፤ ይህን ካላደረገ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ የመዝጋቢው ዝምታ መብትን እንዳያስቀር የተቀመጠ ነው። ሆኖም ሊጠቅም የሚችለው ማመልከቻው የገባበት ቀን በገቢ መዝገብ ቁጥርና በማኅተም ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ቀኑን ማስረዳት ያልቻለ ማኅበር አሥራ አምስቱ ቀን መቼ እንደሞላም ማስረዳት አይችልም።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ጉዳይ አዋጁ የሚመለከተው ማንን ነው የሚለው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎችና ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ በግል አገልግሎት የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው። በራሱ ኃላፊነት በዋጋ ተስማምቶ የሚሠራ ሰውም እንዲሁ አይካተትም። ስለዚህ በኩንታል ሒሳብ እየተከፈላቸው ሩዝ የሚጭኑና የሚያወርዱ ሰዎች ሠራተኞች ናቸው ወይስ በራሳቸው የሚሠሩ የሚለው ጥያቄ በመፈልፈያው ውስጥ አሥሩን ሰው ለመቁጠር ወሳኝ ይሆናል። መለኪያው የክፍያው ስም አይደለም። ሰውየው ሥራውን የሚያከናውነው በአሠሪው መሪነት ሥር ነው ወይስ በራሱ አመራር የሚለው ነው።

የኅብረት ድርድርና ውጤቱ

በምሳሌያችን መፈልፈያው 42 ሠራተኞች አሉት፤ ከእነዚህ 36ቱ የተመዘገበው ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩ ድርድር እንዲጀመር ጥቅምት 5 ቀን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ከጥያቄው ጋርም የስምምነቱን ረቂቅ ያያይዛል። ረቂቁን ማያያዝ የአዋጁ መስፈርት ነው። ጥያቄው የደረሰው ወገን በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ስላለበት አሠሪው እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ይቀርባል። ሁለቱ ወገኖች ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታቸው በፊት የድርድሩን ሥነ ሥርዓት ይወስናሉ፤ ከዚያም በቅን ልቦና ይደራደራሉ።

ድርድሩ ፍሬ ካፈራ ውጤቱ የኅብረት ስምምነት ነው። በጽሑፍ ይሆናል፣ ይፈረማል፣ ለመዝጋቢው አካልም ይላካል። ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ከሆነ ተፈጻሚ የሚሆነው ስምምነቱ ነው፤ ሕጉ የተሻለ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ይጸናል። ስለዚህ የኅብረት ስምምነት ከሕጉ ዝቅተኛ መስፈርት በታች መውረድ አይችልም።

የስምምነቱ ዘመን በተለይ ደመወዝን በተመለከተ ሁለት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ሊነካ የማይችል መሆኑ ነው። ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲከሰት ብቻ አንደኛው ወገን ቀድሞ እንዲሻሻል ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ያን ጊዜም አስማሚ ይመደባል። የዋጋ ንረት በምን ያህል መጠን ሲደርስ «ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ» እንደሚባል ግን አዋጁ ቁጥር አላስቀመጠም። የሦስት ዓመት ደመወዝን በአንድ አኃዝ ወስኖ የሚፈርም ማኅበር በሁለተኛው ዓመት ላይ ይህን ያልተለካ ቃል ተሸክሞ ለመከራከር ይገደዳል። በስምምነቱ ውስጥ በየዓመቱ ደመወዝ ብቻ ዳግም የሚታይበትን አንቀጽ ማስገባት ክርክሩን አስቀድሞ ያስቀራል።

ሁለተኛው ወጥመድ በስምምነቱ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ተዋዋዮቹ ስምምነቱ ከማብቃቱ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት አዲስ ድርድር መጀመር አለባቸው። ስምምነቱ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ድርድር ካልተጠናቀቀ ግን፣ ደመወዝንና ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞችን የሚመለከቱት የቀድሞው ስምምነት ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸውን ያጣሉ። መዘግየቱ ሁለቱን ወገን እኩል አይጎዳም፤ በስምምነቱ የተገኘው ጥቅም የሚቋረጥበት ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የሚያበቃበትን ቀን ከፈረመበት ዕለት ጀምሮ መቁጠር ይኖርበታል።

ድርድሩ ሲከሽፍ፦ ማስማማት

በመፈልፈያው ውስጥ ተደራዳሪዎቹ በደኅንነት መሣሪያዎችና በፈረቃ አደላደል ተስማሙ፤ በዓመታዊ የደመወዝ ጭማሪ ላይ ግን እስከ ኅዳር 20 ድረስ መስማማት አልቻሉም። በዚህ ጊዜ የተፈጠረው የወል የሥራ ክርክር ነው። የግል የሥራ ክርክር፣ ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ ስንብት፣ የሚታየው በፍርድ ቤት ነው። የወል ክርክር ግን በማስማማትና በቦርድ በኩል ያልፋል። አንድ ባልደረባ በመባረሩ ብቻ በማግሥቱ ሥራ የሚያቆሙ ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ይህንን ልዩነት ነው፤ ለግል ክርክር የተከፈተው በር ፍርድ ቤት ሆኖ ሳለ እነሱ ለወል ክርክር የተሠራውን መንገድ ከመጨረሻው ደረጃ ይጀምሩታል።

ማኅበሩ ክርክሩን ኅዳር 22 ቀን አግባብ ላለው ባለሥልጣን ያሳውቃል፤ ባለሥልጣኑም አስማሚ ይመድባል። አስማሚው ዳኛ አይደለም፤ አይወስንም፣ ያቀራርባል እንጂ። ጉዳዩን ኅዳር 25 ቀን ተረክቦ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስማማት ካልቻለ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ካልተሳካለት፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ለባለሥልጣኑ ሪፖርት ያቀርባል፤ ግልባጩንም ለተከራካሪዎቹ ይሰጣል። ይህ ግልባጭ ለማኅበሩ ትልቅ ዋጋ አለው። አዋጁ ከሥራ ማቆም በፊት ሁለቱም ወገኖች ክርክሩን በማስማማት ለመፍታት ጥረት እንዲያደርጉ ያዛል፤ ጥረቱ መደረጉን ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳው ማስረጃም የአስማሚው ሪፖርት ነው።

ድምፅና ማስጠንቀቂያ

ሥራ ለማቆም ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ዕርምጃውም በሚመለከታቸው ሠራተኞች አብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። ከ36 አባላት ሁለት ሦስተኛው 24 ነው። ታኅሣሥ 27 በተጠራው ስብሰባ 23 ሰው ብቻ ከተገኘ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ቢደግፉም ውሳኔው ሕጋዊ አይሆንም።

የአብላጫው ጥያቄ ከምልዓተ ጉባኤው ይልቅ አሻሚ ነው። «የሚመለከታቸው ሠራተኞች» የሚለው ሐረግ በስብሰባው የተገኙትን ብቻ የሚያመለክት ከሆነ 24 ሰው በተገኘበት ስብሰባ 13 ድምፅ ይበቃል። ክርክሩ የሚነካቸውን የድርጅቱን ሠራተኞች በሙሉ የሚያመለክት ከሆነ ግን ከ42 ሠራተኞች 22ቱ መደገፍ አለባቸው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው የዘጠኝ ድምፅ ልዩነት ዕርምጃውን ሊያጸና ወይም ሊያፈርስ ይችላል። ጥንቁቅ ማኅበር አባል ያልሆኑትንም ስድስት ሠራተኞች ጠርቶ ጠበቅ ያለውን ቁጥር ለመሙላት ይጥራል። ቃለ ጉባኤውም የአባላቱን ጠቅላላ ብዛት፣ የተገኙትን በፊርማ፣ የደገፉትንና የተቃወሙትን ለይቶ መያዝ አለበት፤ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምልዓተ ጉባኤን አያረጋግጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ዕርምጃው የሚወሰድበትን ምክንያት ገልጾ ለአሠሪውና አግባብ ላለው የመንግሥት አካል ከዕርምጃው አሥር ቀን በፊት መድረስ አለበት። ለአሠሪው ብቻ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ግማሽ ማስጠንቀቂያ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን ለሁለቱም ከደረሰ፣ አሥሩ ቀን ጥር 10 ላይ ይሞላል። ጥር 11 ጥምቀት በመሆኑ ማኅበሩ ዕርምጃውን ለጥር 13 ይወስናል እንበል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የደኅንነት ሥርዓቶች እንዲጠበቁ ማድረግም የሕጉ ግዴታ ነው፤ በመፈልፈያ ውስጥ ይህ ማሽኖቹን በሥርዓት ማጥፋትንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ያለጥበቃ አለመተውን ይጨምራል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአዋጁ ትርጓሜ ሥራ ማቆም ማለት ሙሉ በሙሉ ሥራ መተው ብቻ አይደለም። ሠራተኞች ተስማምተው ምርታቸውን ከወትሮው ሲቀንሱም ዕርምጃው ሥራ ማቆም ነው። በፈረቃ 100 ኩንታል የሚፈለፍሉ ሰዎች በጋራ ውሳኔ 60 ኩንታል ብቻ ቢፈለፍሉ፣ ማስጠንቀቂያውን፣ ድምፁንና ማስማማቱን የሚጠይቀው ድንጋጌ ለእነሱም ይሠራል። «ሥራ አላቆምንም፣ ቀስ ብለን ነው የሠራነው» የሚለው መከላከያ አያዋጣም።

ቦርዱና የመብቱ ወሰን

እስከዚህ ድረስ ማኅበሩ አንድም ደረጃ አልዘለለም። አሁን አሠሪው ጥር 5 ቀን፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሳይሞላ፣ ክርክሩን ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አቀረበ እንበል። ማስማማቱ ከከሸፈ በኋላ ከተከራካሪዎቹ ማንኛውም ወገን ጉዳዩን ለቦርዱ ማቅረብ ስለሚችል የሌላው ስምምነት አያስፈልገውም። አዋጁ ደግሞ ክርክሩ ለቦርዱ ከቀረበ በኋላ ውሳኔ ሳይሰጥና ሠላሳ ቀን ሳያልፍ የሚጀመር ሥራ ማቆምን ይከለክላል። ስለዚህ ጥር 13 የታቀደው ዕርምጃ፣ እስከዚያ የተደረገው ሁሉ ትክክል ቢሆንም፣ ሕገ ወጥ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዕድሎች አሉ። ቦርዱ እስከ የካቲት 5 ድረስ ከወሰነ ውሳኔው ይገዛል። በፍሬ ነገር ረገድ የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የሚባለው በሕግ ነጥብ ላይ ነው። የመጨረሻ ውሳኔን ተቃውሞ ሥራ ማቆምም የተከለከለ ነው። ለሠራተኞቹ የሚቀረው አሠሪው ውሳኔውን አልፈጽምም ሲል ውሳኔው እንዲከበር ሥራ ማቆም ነው፤ ይህን አዋጁ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ዕድል ቦርዱ በሠላሳው ቀን ውስጥ ሳይወስን መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ከየካቲት 6 ጀምሮ እገዳው ይነሣል፤ ቀኑ ስለተለወጠ ግን ማኅበሩ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያውን እንደገና ቢሰጥ ከክርክር ይድናል።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ሥራ የማቆም መብት በሙሉ አቅሙ የሚኖረው ማስማማቱ ከከሸፈበት ቀን አንስቶ ከሁለቱ አንዱ ወደ ቦርዱ እስኪሄድ ድረስ ባለው ጊዜ ወይም ቦርዱ በጊዜው ሳይወስን ሲቀር ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ አሠሪው በአንድ ማመልከቻ ሊዘጋው ይችላል። የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ለዓመታት ያጸናው መርሕ በዚህ ነጥብ ላይ የተለየ ነው። በመርሑ መሠረት ሥራ ማቆምን የሚያስቀር የግዴታ ግልግል ተቀባይነት የሚኖረው ሁለቱም ወገኖች ሲጠይቁት፣ ወይም ክርክሩ በጥብቅ ትርጉሙ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎትን ወይም በመንግሥት ስም ሥልጣን የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችን ሲመለከት ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን ስምምነት ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ስለሆነ ጥያቄው የውጭ ብቻ አይደለም፤ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይደነግጋል።

በሌላ በኩል የቦርዱ መንገድ ሁልጊዜ ለሠራተኛው ጉዳት ነው ማለት አይቻልም። በሰባት ወይም በስምንት ሰው የሚንቀሳቀስ መፈልፈያ ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙ አሠሪው በቀላሉ በሌሎች የቀን ሠራተኞች ለመተካት ይሞክራል፤ ደመወዝ የሌለበትን ሳምንት የመቋቋም አቅማቸውም አነስተኛ ነው። ለእንዲህ ያለ ማኅበር የሚያስገድድ ውሳኔ ከአድማ የተሻለ ሊያስገኝ ይችላል። ለትልቅ ድርጅት ማኅበር ግን የመደራደር ኃይሉ የሚመነጨው ሥራ ሊቆም ይችላል ከሚለው ስጋት ስለሆነ፣ ስጋቱ በአንድ ማመልከቻ ሲወገድ ድርድሩም ይለወጣል። እንደ ሆስፒታል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የውኃና የቴሌኮሙኒኬሽን ባሉ እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች ላይ ደግሞ ጥያቄው ከመነሻው ዝግ ነው፤ በእነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ሥራ ማቆም ስለማይችሉ የደመወዝና የጥቅም ክርክራቸው ወደ ጊዜያዊ ቦርድ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

በታሰበው መፈልፈያ ከድርድር ጥያቄው እስከ ታቀደው ሥራ ማቆም ከሦስት ወር በላይ አልፏል፤ የአሠሪው ማመልከቻም ሌላ ወር ጨምሮበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማኅበሩ በእጁ ሊኖረው የሚገባው ስድስት ወረቀት ነው፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ወይም የማመልከቻው ገቢ ማረጋገጫ፣ ረቂቅ የተያያዘበት የድርድር ጥያቄ፣ ክርክሩ ለባለሥልጣኑ የቀረበበት ደብዳቤ፣ የአስማሚው ሪፖርት ግልባጭ፣ ምልዓተ ጉባኤውንና ድምፁን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ፣ እንዲሁም ለሁለቱም አካላት መድረሱ በፊርማ የተረጋገጠ ማስጠንቀቂያ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክርክሩ ስለ ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዕርምጃው ሕጋዊነት ይሆናል። ስድስቱ ተሟልተው እንኳ ሰባተኛ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ሌላው ወገን ወደ ቦርዱ ሄዷል ወይ የሚለው ነው። የወደፊት የሕግ ማሻሻያ ጥናቶች ትኩረት ሊያደርጉ የሚገባው በዚህ ጥያቄ ላይ ይመስላል፤ አንደኛው ወገን ብቻውን ሊዘጋው የሚችል መብት ምን ያህል መብት እንደሆነ የሚለካው እዚያ ነውና።